ስትሪፑ ላይ ደማቁን ቀለም ሳይሆን የሚደገመውን ቀለም እመኑ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ከሰይደሊያ ገዝታችሁ፣ መታጠቢያ ቤት በር ዘግታችሁ፣ በሽንት ነክራችሁ ስለምታነቡት ስስ ወረቀት ነው። አንዳንዶቻችን ስትሪፕ እንለዋለን፣ አንዳንዶቻችን «የኩላሊት ወረቀት» እንለዋለን። እኔ ሐኪም አይደለሁም። መጀመሪያ መካ፣ ቀጥሎ ጂዳ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ዓርብ ዓርብ ሰቢል እህቶች ሲሰባሰቡ እየተገኘሁ የማውቀውን አካፍላለሁ። ስለዚህ ወረቀት የማውቀውን ያስተማረችኝ ላብራቶሪ የምትሠራ ሴት ናት፤ የቀረውን ደግሞ ከስህተታችን ተማርኩት።

አንድ ማታ አንዲት እህት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ኩላሊቴ አልቋል፣ ስኳርም አለብኝ። ነገ ለከፊሉ ነግሬ አገሬ እገባለሁ» አለችኝ። የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም፣ ኮንትራቷም ሊያልቅ ሰባት ወር ይቀረዋል። እንዲህ ብላ ከወጣች ገንዘቡን ማን ያስከፍልላታል? ፎቶ ላከችልኝ። የስኳሩ ካሬ ጠቁሯል፣ የደሙ ካሬ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። የፕሮቲኑ ግን ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ ልብ ብላችሁ ካላያችሁት አይታይም። እሷም ስለ እሱ ምንም አላለችም።

ከማጽናናቴ በፊት አራት ጥያቄ ጠየቅኳት። ሽንቱን በምን ዕቃ ያዝሽ? የወር አበባሽ መቼ ነበር? ነክረሽ ከስንት ደቂቃ በኋላ አየሽው? ዛሬ ምን ጠጣሽ?

መልሷ ይህ ነበር። የሻይ ብርጭቆ ነው የያዘችበት፤ ብርጭቆው እንዳይሸት ብላ ቀድማ ክሎሮክስ ውስጥ ዘፍዝፋዋለች። የወር አበባዋ ከቆመ ገና አንድ ቀኑ ነው። እንደነከረችው ማዳም ጠራቻት፣ ሮጣ ሄደች፣ ተመልሳ ያየችው ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆይታ ነው። ከጧት ጀምሮ የጠጣችው አንድ ሻይ ብቻ ነው፣ ቀኑን ሙሉም ምንጣፍ ስታጥብ ውላለች።

አራቱም መልሶች ስትሪፕን ያሳስታሉ። የሚያሳስቱበት መንገድ ግን የተለያየ ስለሆነ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ክሎሮክስ ስኳር ይመስላል፣ ደምም ይመስላል

የስኳሩ ካሬ ስኳርን በቀጥታ አያየውም። ካሬው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሽንት ውስጥ ስኳር ካገኘ ሌላ ነገር ይሠራል፤ ፐርኦክሳይድ ይባላል። ቀለሙን የሚቀይረው ይሄ ፐርኦክሳይድ ነው። ክሎሮክስ፣ አገር ቤት በረኪና የምንለው፣ ያንኑ ሥራ ራሱ ይሠራል። ስኳር ጠብታ ሳይኖር ቀለሙን ይቀይረዋል። የደሙ ካሬም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ አሠራር አለው፤ በረኪና ሲነካው ደም እንዳገኘ ሆኖ አረንጓዴ ይሆናል።

እኛ ደግሞ እጃችን፣ ባልዲያችን፣ መታጠቢያ ቤታችን ሁሉ ክሎሮክስ ነው። ለዚህ ነው ስህተቱ ከማንም በላይ እኛን የሚያገኘን። ቢሮ የምትሠራ ሴት ብትሳሳት ምናልባት በሌላ ነገር ነው፤ የእኛ ስህተት ከሥራችን ይመጣል። ዕቃውን «በደንብ ላጽዳ» ያለችው ጠንቃቃዋ እህት ናት ውጤቱን ያበላሸችው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን አዲስ የፕላስቲክ ወይም የወረቀት ኩባያ ያዙ። ምንም ነገር አትጨምሩበት፣ በሳሙናም አትጠቡት። እጃችሁን በውኃ ታጥባችሁ አድርቁ። ዕቃ ያጠባችሁበትን ጓንት አድርጋችሁ ስትሪፑን አትንኩ፣ ካሬዎቹንም በጣት አትንኩ።

የወር አበባ፣ ሰዓትና መብራት

የደሙ ካሬ በጣም ስሜታዊ ነው። ዓይን የማያየውን ትንሽ ደም ያገኛል። ስለዚህ የወር አበባ ላይ ሆናችሁ ወይም ገና እንደቆመ ከነከራችሁ፣ ያገኘው ከኩላሊት የመጣ ይሁን ከማሕፀን አይለይም። ከቆመ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ጠብቁ። ሲሸኑም መጀመሪያ የሚወርደውን ሽንት ልቀቁት፣ መካከለኛውን ያዙ፣ የመጨረሻውን ተዉት።

ሰዓቱን ስልካችሁ ይቁጠር። በብዙዎቹ ስትሪፖች ስኳር በ30 ሰከንድ፣ ፕሮቲንና ደም በ60 ሰከንድ ይነበባሉ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ ግን የብልቃጡን ያዙ። ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሚቀየር ቀለም ትርጉም የለውም። እየቆየ ሁሉም ካሬ ይጠቁራል፣ የአንዱ ካሬ ፈሳሽም ወደ ሌላው ይፈሳል። ነክራችሁ ወዲያው አውጡት፣ ጠርዙን በኩባያው አፍ ነካ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ፣ አግድም ይዛችሁ ጠብቁ። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ የመጣችሁበትን ስትሪፕ ጣሉት። እሱን አታንብቡ፣ ለማንም ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ።

ስለ ፎቶው ካነሳሁ አይቀር፤ የወጥ ቤት ቢጫ መብራት ነጩን ቢጫ፣ ቢጫውን ብርቱካን ያደርገዋል። ቀለሙን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ከራሱ ብልቃጥ ሥዕል ጋር አስተያዩ። የአንዱ ፋብሪካ ቀለም ከሌላው አይገናኝም፤ አንዱ ጋ ስኳር የሌለበት ካሬ ሰማያዊ ነው፣ ሌላው ጋ ቢጫ ነው። ጓደኛ ከብልቃጡ አውጥታ በናፕኪን ጠቅልላ የሰጠቻችሁን ስትሪፕ ልታነቡት አትችሉም ማለት ነው። ናፕኪኑም እርጥበት ያስገባል። የጂዳ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብልቃጡን መታጠቢያ ቤትም ፍሪጅም አታስቀምጡ፤ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ፣ ውስጡ ያለችውን የእርጥበት መምጠጫ አትጣሉ፣ የከፈታችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉ። ከመንከራችሁ በፊት ደረቁን ስትሪፕ እዩት። ገና ሳይነከር ቀለሙ «የለም» ከሚለው ሥዕል ከተለየ ተበላሽቷል።

የፕሮቲኑ ካሬ ለብቻው ነው

ወደዚያች እህት ልመለስ። ያን ማታ «ምንም ለማንም አትናገሪ፣ ከአራት ቀን በኋላ እንደግመዋለን» አልኳት። እስከዚያ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም የጎን ሕመም ከመጣ ግን አንጠብቅም ተባባልን።

በአምስተኛው ቀን ጧት፣ ከእንቅልፍ እንደተነሳች፣ አዲስ ኩባያ፣ መካከለኛው ሽንት፣ ስልኩ እየቆጠረ። ስኳር የለም። ደም የለም። እልል ማለት ነበረብን። ግን ፕሮቲኑ እዚያው ፈዛዛ አረንጓዴው ላይ ቆሟል፤ ብልቃጡ ላይ 30 ተብሎ አንድ መደመሪያ የተሰጠው ቦታ ላይ። ከሳምንት በኋላ ደገመችው፣ ያው ነው።

ይህ ለምን ሆነ? የፕሮቲን ካሬ አሠራሩ ከሁለቱ ይለያል። ፕሮቲን ሲያገኝ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ሲብስ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ቀለም ነው። ይህንንም የሚያሳስት አለ። ውኃ ሳትጠጡ ስትውሉ ሽንቱ ስለሚወፍር ትንሹ ፕሮቲን ትልቅ ይመስላል። ትኩሳትና ከባድ ሥራም ለጊዜው ፕሮቲን ያወጣሉ። አንዳንድ የወለል ማጽጃና ጀርም ገዳይ ፈሳሽም አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማታ፣ ምንጣፍ አጥባ፣ ሳትጠጣ የታየውን ብቻ ብናምን ኖሮ እኔም «ድካም ነው» እላት ነበር። የጧት ሽንት ይህን ስለሚያጠራ ነው የመረጥነው፤ ተኝታችሁ ስለምታድሩ ሥራና መቆም የሚያመጡት ፕሮቲን ይቀራል። በጧትም ሁለቴ ሲደገም ግን ድካም ነው ማለት አይቻልም።

ተቃራኒውም አለ። «ኩላሊቴን ላጽዳ» ብላችሁ ሁለት ሊትር ውኃ ጠጥታችሁ ከነከራችሁ ሽንቱ ይቀጥንና እውነተኛው ፕሮቲን ይደበቃል።

እህታችን ሙስተውሰፍ ሄደች። ደም ግፊቷ ሲለካ 158 በ102 ሆነ። ለካ ወራት ሙሉ ራሷን ሲያማት የክሎሮክሱ ሽታ ነው፣ የእንቅልፍ ማጣት ነው እያለች በየቀኑ የሕመም ማስታገሻ ትውጥ ነበር። ያውም ብሩፌን፤ ደም ግፊትና ኩላሊት ላለበት ሰው ጉዳት አለው። ላብራቶሪው የሽንቷን አልቡሚን በቁጥር ለካ፣ ከደሟም ክሬቲኒን አየ። ኩላሊቷ አልሞተም። ማጣራቱን ይሠራል፣ ግን ፕሮቲን ማፍሰስ ጀምሯል። የግፊት መድኃኒት ተጀመረላት፣ ብሩፌኑ ተከለከለ፣ በየጊዜው እንድትመረመር ቀጠሮ ተሰጣት። ሥራዋም ቀጠለ፣ ደመወዟንም እየተከታተልን ነው።

እዩት እንግዲህ። ያስለቀሷት ሁለት ደማቅ ካሬዎች ባዶ ነበሩ። ያላየችው ፈዛዛ ካሬ ነበር እውነተኛው።

ንጹሕ ቀለም ነጻ አያወጣም

የማሳሰቢያው ሌላ ጎን ይህ ነው። ሰውነት ስኳርን ወደ ሽንት የሚያፈሰው በደም ውስጥ 180 አካባቢ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታች ያለው ስኳር ስትሪፕ ላይ አይወጣም። ስኳር በሽታ ጀምሯት ካሬው ንጹሕ የሚሆንባት ሴት አለች። ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ክብደት መቀነስ ካላችሁ ጣት ተወግቶ ወይም ከክንድ ደም ተወስዶ ይታይ እንጂ ስትሪፑን «ነጻ ነኝ» ብላችሁ አትመኑት።

ፈዋር የምንለው ውኃ ውስጥ የሚፈላው ቫይታሚን ሲም አለ። «ጉልበት ይሰጣል» ብላችሁ የምትጠጡት። እሱ ሽንት ውስጥ ሲበዛ ስኳርንም ደምንም ይደብቃል፤ ክሎሮክስ የሌለውን ሲፈጥር፣ ይሄ ያለውን ይሰርቃል ማለት ነው። ፈዋር ከጠጣችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቆዩ።

የማይጠብቁት

እስካሁን ድገሙ፣ ጠብቁ እያልኩ ነው። ይህ ለሁሉም አይሠራም። እርጉዝ ሆናችሁ ፕሮቲን ከታየ፣ በተለይ ከአምስተኛው ወር በኋላ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ፣ የፊት ማበጥ ወይም ከጎድን ሥር ሕመም ካለ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። እርግዝናን መናገር ለብዙዎቻችን ምን ያህል እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ ግፊቱ ግን ፍርሃታችንን አይጠብቅም። ስኳር ከፍ ብሎ ማስመለስና ከባድ ትንፋሽ ካለ፣ ደም ከትኩሳትና ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ፣ ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ጠቁሮ ጡንቻ በኃይል ካመመ ደግሞ ስትሪፕ መድገም ጊዜ ማባከን ነው። 997 የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው። 937 የጤና ሚኒስቴር ስልክ ነው፣ ምክር ይሰጣሉ።

ታዲያ ስትሪፑ ይቅር?

ከእኛ ከበጎ ፈቃደኞቹ መካከል «ለእህቶች ስትሪፕ አትስጡ፣ ያስደነግጣቸዋል» የሚሉ አሉ። ስህተቱን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ እኔም ከእነሱ ጋር የምስማማ ይመስላል። አልስማማም። ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ክሊኒክ ለመሄድ ማዳምን መለመን አለባት። «አሞኛል» ስትል «ሁልጊዜ ያምሻል» ትባላለች። «ሁለት ጧት መርምሬ ሁለቴም ዙላል አለ» ስትል ግን ንግግሩ ይለወጣል። ዙላል በዓረብኛ በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ማለት ነው። ስኳሩን ሱከር በሉት፣ ደም ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ደም ነው። «ዙላል ፊል በውል፣ ማረተይን» ብትሉ ሐኪሙም ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

የምቃወመው ስትሪፑን ፍርድ የሚያደርጉትን ነው። ስትሪፕ አይታ «ምንም የለብሽም፣ ሥሪ» የምትል ማዳምም፣ ፎቶ አይቶ «ኩላሊትሽ ቆሽሿል» ብሎ የኩላሊት ማጠቢያ ቅጠል የሚሸጥም፣ አንድ ጥቁር ካሬ አይታ ሻንጣ የምታስር እህትም አንድ ስህተት ነው የሚሠሩት። ስትሪፕ ማስረጃም አይሆንም። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ከነደመወዙ ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ግን የሐኪም ወረቀት ነው። ስትሪፑ ወደዚያ ወረቀት የሚወስድ በር ነው፤ ወረቀቱን አይተካም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰቢል ስትሪፕ የምንሰጥ ሁላችን ከስትሪፑ ጋር አዲስ ኩባያ እንስጥ፣ አራቱን ጥያቄም እንጠይቅ። በምን ያዝሽ፣ የወር አበባሽ መቼ ነበር፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ምን ጠጣሽ። ይህ ሳይጠየቅ የተነገረ ውጤት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ አትቀበሉት። እናንተም ቤት ብቻችሁን ሆናችሁ ስትነክሩ እነዚህኑ ራሳችሁን ጠይቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሦስቱን ካሬ ውጤት ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ያን አሳዩ። ያቺ እህት አሁን ይህን ታደርጋለች። ባለፈው ዓርብ መጥታ ስልኳን ስታሳየኝ ፕሮቲኑ ከአንድ መደመሪያ ወደ ምልክት ብቻ ወርዶ ነበር። «ደህና ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። «ወደ ቀጠሮሽ ሂጂና ሐኪሙን ጠይቂው» አልኳት።